«ታክስ አለብኝ፣ ገቢዬ ግን ቆሟል»፦ ለአይ አር ኤስ በየወሩ እየከፈሉ ዕዳን መጨረስ እንዴት ነው?

ሚያዝያ መግቢያ ላይ ታክስ በሚያሠሩበት ወንበር ላይ በየዓመቱ የሚደገም ንግግር አለ። የሚሠራላቸው ሰው ኮምፒውተሩን አዙሮ «ዘንድሮ ዘጠኝ ሺህ ዶላር አለብዎት» ይላል። ደንበኛው ትንሽ ዝም ብሎ «እንግዲያው አትላከው፤ ገንዘቡ ሲገኝ እንልከዋለን» ብሎ ይነሣል። ገንዘብ በሌለበት ሰዓት የሚወሰን ከዚህ የበለጠ ውድ ውሳኔ ለማግኘት ያስቸግራል። ለምን እንደሆነ ለማየት አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር ያላገባ ሾፌር እናስብ። በራሱ መኪና ኡበርና ሊፍት ይሠራል። በ2024 (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የማይሉን ወጪ ቀንሶ የቀረው ትርፍ 46,000 ዶላር ነበር። የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ደመወዝ ላይ ታክስ ቀንሶ የሚያስቀርለት አሠሪ ስለሌለው በየሦስት ወሩ ራሱ መክፈል ነበረበት፤ አልከፈለም። ስለዚህ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 6,500፣ ለገቢ ግብር 2,470 ገደማ፣ በአንድ ላይ ወደ 9,000 ዶላር ዕዳ መጣበት። ይህ ብቻ ቢሆን እየሠራ ይከፍለው ነበር። ግን በመጋቢት 2025 መኪናው ተጋጭታ ከጥቅም ውጭ ሆነች፣ የእሱም ወገብ ተጎዳ፣ ሐኪሙ ለወራት እንዳይነዳ ነገረው። የአምናው ገቢ ያመጣው ዕዳ ዘንድሮ ገቢ የሌለውን ሰው አገኘው።

ገንዘብ ከሌለኝ ለምን ፋይል አደርጋለሁ?

ፋይል ማድረግና መክፈል ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች ናቸው፤ ቅጣታቸውም የተለያየ ነው። ሕዝባችን አብዛኛውን ጊዜ አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ጥፋቱ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ፋይል አድርጎ አለመክፈል የሚያስቀጣው ካልተከፈለው ታክስ ላይ በወር ግማሽ በመቶ ነው። በ9,000 ዶላር ላይ በወር 45 ዶላር ማለት ነው። ፋይል ሳያደርጉ መቅረት ግን ከዚሁ ጋር ተደምሮ በወር አምስት በመቶ ይደርሳል፤ 450 ዶላር። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። የእኛ ሾፌር «አትላከው» ብሎ አምስት ወር ቢቆይ ቅጣቱ ብቻ 2,250 ዶላር ይሆናል። በሰዓቱ ፋይል አድርጎ ምንም ሳይከፍል በዚያው አምስት ወር ቢቀመጥ ደግሞ 225። ሁለቱም ሰዎች ኪሳቸው ባዶ ነበር፤ 2,025 ዶላሩን ያመጣው አለመላኩ ነው።

ለስድስት ወር የሚያራዝመው ቅጽ 4868ም የሚያራዝመው የማስገቢያውን ቀን እንጂ የመክፈያውን ቀን አይደለም። እስከ ጥቅምት 15 ድረስ ወረቀቱን ማቆየት ይቻላል፤ ወለዱና ግማሽ በመቶው ግን ከሚያዝያ 15 ጀምሮ ይቆጠራሉ።

የቀን ገደቡ ካለፈዎት ዛሬውኑ ያስገቡት። የክፍያ ስምምነትም ያለዚህ አይገኝም፤ አይ አር ኤስ በየወሩ እንዲከፍሉ ከመፍቀዱ በፊት ማስገባት የነበረብዎት የቀደሙ ዓመታት ሁሉ መግባታቸውን ያያል። አንድ ዓመት ከጎደለ ጥያቄው እዚያው ይቆማል።

ስምምነቱ በትክክል ምንድን ነው?

ዕቁብ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን በልቶታል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚያመጣው የበላውን ነው፤ አንድ ዙር ቢቀር ዳኛው በሩን ያንኳኳል። የታክስ ክፍያ ስምምነትም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ወለድ መኖሩና ዳኛው የባንክ ሒሳብ መያዝ መቻሉ ነው።

ስምምነቱ ዕዳውን አይቀንስም። የሚሰጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስምምነቱ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ አይ አር ኤስ ደመወዝዎንም ሆነ የባንክ ሒሳብዎን አይወርስም። ጥያቄው ቀርቦ መልስ በሚጠበቅበት ጊዜና ውድቅ ከተደረገ በኋላ ባሉት 30 ቀናትም ይህ ጥበቃ አለ። ሁለተኛ፣ ፋይሉን በሰዓቱ ያስገባ ሰው የወር ቅጣቱ ከግማሽ በመቶ ወደ ሩብ በመቶ ይወርዳል።

ወለዱ አይቆምም። መጠኑ በየሦስት ወሩ ይወሰናል፤ በ2025 ዓመቱን ሙሉ 7 በመቶ ነበር። ከሩብ በመቶው የወር ቅጣት ጋር ሲደመር በዓመት ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ከብዙ ክሬዲት ካርዶች በጣም ያነሰ ስለሆነ የታክስ ዕዳን በካርድ ከፍሎ መገላገል አብዛኛውን ጊዜ ዕዳውን ወደ ባሰ ቤት ማዛወር ነው።

ሥራ ማጣቴን ማስረዳት አለብኝ?

ብዙ ሰው በሦስት ገጽ ደብዳቤ ችግሩን ይጽፋል። የሐኪም ወረቀት፣ የፖሊስ ሪፖርት፣ የስንብት ደብዳቤ ያያይዛል። ዕዳዎ ከነቅጣቱና ከነወለዱ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነና በመደበኛው መንገድ ከጠየቁ ግን ታሪኩን የሚያነብ ሰው የለም፤ አያስፈልግምም። ሲስተሙ የሚያየው ፋይሎቹ ገብተዋል ወይ፣ ጠቅላላ ዕዳው ስንት ነው፣ በወር ሊከፍሉ ያሉት መጠን ዕዳውን በተፈቀደው ጊዜ ውስጥ ይጨርሳል ወይ የሚለውን ነው። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መለኪያ 72 ወር ነው። 9,000 ለ72 ሲካፈል 125 ዶላር ነው። ሾፌራችን በወር 125 ዶላር መክፈል እችላለሁ ካለ ስለ ወገቡም ስለ መኪናውም የሚጠይቀው የለም።

እንዲያውም የእሱን ያህል ዕዳ ላለበት ሰው ሕጉ ራሱ ያግዘዋል። ታክሱ ከ10,000 ዶላር የማይበልጥ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት በሰዓቱ ፋይል አድርጎ የከፈለ፣ በእነዚያ ዓመታትም ተመሳሳይ ስምምነት ያልነበረው፣ አሁን በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችልና በሦስት ዓመት ውስጥ እጨርሳለሁ የሚል ሰው ከጠየቀ አይ አር ኤስ እምቢ ማለት አይችልም።

ችግርዎን ማስረዳት ግዴታ የሚሆነው ያንን ዝቅተኛ መጠን እንኳ መክፈል ሳይችሉ ሲቀሩ ነው። ወደዚያ እንመለሳለን።

እንዴት ነው የሚጠየቀው?

ቀላሉ መንገድ irs.gov/opa ላይ መግባት ነው። መታወቂያዎን በስልክ ካሜራ አንስተው ማንነትዎን ማረጋገጥ ይጠበቅብዎታል፤ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው። ገጹ ዕዳውን ያሳያል፣ በወር ስንት እንደሚከፍሉ ይጠይቃል፣ ከወሩ 1 እስከ 28 ባለው ቀን የመክፈያ ቀን ያስመርጣል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይቀበላል። መልሱ ወዲያው ይመጣል። ፋይልዎን በቅርቡ ካስገቡና ገጹ ዕዳውን ገና ካላሳየ «ሲፒ 14» የሚባለው የመጀመሪያ የክፍያ ደብዳቤ እስኪደርስ ጠብቀው ይሞክሩ። ኮምፒውተር የማይመቸው ሰው ቅጽ 9465 ሞልቶ ከታክሱ ጋር አያይዞ መላክ ወይም መደወል ይችላል። በስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ አማርኛ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ዋጋው እንደ መንገዱ ይለያያል። በድረ ገጹ ገብቶ ክፍያው በቀጥታ ከባንክ እንዲቆረጥ የፈቀደ ሰው 22 ዶላር ይከፍላል። በድረ ገጹ ሆኖ በራሱ እጅ ልክፈል ካለ 69 ነው። ይህንኑ በስልክ ወይም በፖስታ የጠየቀ 178 ዶላር ይከፍላል። ለአንድ ዓይነት ስምምነት ይህን ያህል ልዩነት አለ። በ180 ቀን ውስጥ ሁሉንም እጨርሳለሁ ለሚል ሰው ደግሞ ምንም ክፍያ የሌለው አጭር ስምምነት አለ።

ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ከባንክ እንዲቆረጥ ከተስማማ የመክፈቻው ዋጋ ይነሣለታል። እዚህ ላይ ገቢው በድንገት የቆመበትን ሰው የሚያበሳጭ ነገር አለ። መለኪያው መጨረሻ ፋይል በተደረገው ዓመት የነበረው ገቢ ነው። ለነጠላ ሰው በ2025 መስፈርት ጣሪያው 39,125 ዶላር ነው። ሾፌራችን ዛሬ አንድ ሳንቲም አያገባም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የ2024 ገቢው ግን ተቀናሹ ወጥቶለት 42,750 ዶላር ስለሆነ አያልፍም። 22 ዶላሩን ይከፍላል።

በወር ስንት ልበል?

ሰው በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል፤ ሁለቱም ያስከፍላሉ።

አንዱ ለመንግሥት መልካም ሰው መስሎ ለመታየት ከአቅም በላይ መግባት ነው። ለአይ አር ኤስ ሲስተም 125 ያለና 300 ያለ ሰው እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ይፈቀድላቸዋል። 300 ብሎ በሦስተኛው ወር ሒሳቡ ባዶ ሆኖ የተገኘው ግን ስምምነቱን ያፈርሳል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚመረጠው በደኅናው ወር ገቢ ሳይሆን በክፉው ወር ገቢ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ዝቅተኛውን መርጦ መርሳት ነው። 9,000 ዶላር በወር 125 ሲከፈል በ72 ወር የሚያልቅ ይመስላል፤ ግን ወለዱና ቅጣቱ በየወሩ እየተጨመረ ስለሚሄድ የመጨረሻዋ ሳንቲም እስክትከፈል ከስምንት ዓመት በላይ ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ ከ125ቱ ውስጥ 75 ያህሉ የሚሸፍነው የዚያን ወር ወለድና ቅጣት ነው። በወር 170 ቢከፈል ከ70 ወር ባልበለጠ ጊዜ ያልቃል። 250 ቢከፈል በ43 ወር አካባቢ ያልቃል፤ ከ9,000ው በላይ የሚወጣው ደግሞ ወደ 1,650 ዶላር ነው። (ወለዱ 7 በመቶ ላይ ቢቆይ ማለት ነው፤ ወደፊት ከፍና ዝቅ ይላል።)

ለተጎዳ ሰው የሚሻለው በሁለቱ መካከል ነው። ገቢ እስኪመለስ ዝቅተኛውን ይያዙ፤ ሲመለስ ያሳድጉት። ቀድሞ መክፈል አያስቀጣም። በድረ ገጹ ገብቶ የወሩን መጠን መለወጥም ዋጋው 10 ዶላር ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ በአንድ ወር 500 ዶላር ጨምረው ቢከፍሉ ዕዳው ይቀንሳል እንጂ የሚቀጥለው ወር ክፍያ አይዘለልም።

125 ዶላርም የለኝም ብልስ?

ያኔ ታሪክዎ ሥራ ይጀምራል። አይ አር ኤስ ቅጽ 433-ኤፍ የሚባል የቤተሰብ ሒሳብ ዝርዝር ያስሞላል። ገቢ፣ የቤት ኪራይ፣ መኪና፣ የባንክ ሒሳብ፣ ዕዳ ሁሉ ይገባበታል። የስንብት ደብዳቤው፣ የሐኪሙ ማስረጃ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ባንክ የገባውን የሚያሳየው ወረቀት የሚያስፈልጉት አሁን ነው።

ለምግብ፣ ለልብስና ለመሳሰሉት አይ አር ኤስ በቤተሰብ ቁጥር ልክ የተወሰነ መጠን ደረሰኝ ሳይጠይቅ ይቀበላል። ለቤትና ለመኪና ግን በሚኖሩበት አካባቢ የተቀመጠ ጣሪያ አለ፤ ኪራይዎ ከዚያ ቢበልጥ ትርፉ ላይቆጠርልዎት ይችላል። የእኛን ሰው የሚያስደነግጠው ሌላው ነው። ለአባትና ለእናት በየወሩ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ፣ በታክስዎ ላይ ጥገኛ ሆነው ካልተመዘገቡ፣ በተለምዶ አስፈላጊ ወጪ ተብሎ አይቆጠርም። ዕቁብም እንዲሁ፤ በእነሱ ዓይን ቁጠባ ነው፣ በፈቃድ የሚደረግ ቁጠባ ደግሞ ከታክስ ዕዳ አይቀድምም። እውነቱን ጽፈው እንደማይቆጠርልዎት አውቀው መግባት ይሻላል። ደብቀው ሌላ ቦታ ቢያስገቡት የባንኩ ወረቀት ያወጣዋል።

ሒሳቡ ሲሠራ ከአስፈላጊ ወጪ በኋላ የሚተርፍ ከሌለ ትክክለኛው ጥያቄ የወር ክፍያ ሳይሆን ለጊዜው ከዕዳ ሰብሳቢው ዝርዝር መውጣት ነው፤ «ከርንትሊ ኖት ኮሌክቲብል» ይሉታል። ወለዱና ቅጣቱ ይቀጥላል፣ ወደፊት የሚመጣ የታክስ ተመላሽም ለዕዳው ይወሰዳል፤ ግን በየወሩ የሚጠበቅ ክፍያ አይኖርም፣ ደመወዝም አይያዝም። አይ አር ኤስ ዕዳውን ለመሰብሰብ በመደበኛው አሥር ዓመት አለው፤ ያ ሰዓት በዚህ ጊዜም ይሄዳል። ገቢ ሲመለስ ፋይሉ ተመልሶ ይከፈታል። ሁለት ወር ያለ ገቢ ለሚቆይ ሰው ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል፤ ስድስት ወር ለሚተኛ ሰው ግን የማይጠበቅ ቃል ከመግባት በእጅጉ ይሻላል።

በሬዲዮና በፌስቡክ «ዕዳዎን በሳንቲም እንጨርሳለን» የሚሉት የሚናገሩት ስለ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ንብረትም ገቢም ለሌለው ሰው የሚሠራ፣ ማመልከቻው ብቻ 205 ዶላር የሆነ፣ ብዙ ማስረጃ የሚጠይቅ ድርድር ነው። ሥራ ጀምሮ በሦስት ዓመት ሊጨርስ ለሚችል ሾፌር አይፈቀድም። ለማስታወቂያው ባለቤት ሁለትና ሦስት ሺህ ዶላር ከመክፈል በፊት በየአካባቢው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በነፃ ወይም በጥቂት ክፍያ የሚረዱ የታክስ ክሊኒኮች እንዳሉ ማወቅ ይጠቅማል። ስማቸው «ሎው ኢንካም ታክስፔየር ክሊኒክ» ነው።

ዜግነቴንና ፓስፖርቴን ይነካብኛል?

ይህን የማይጠይቅ የለም። የአሜሪካ ፓስፖርት የሚከለከለው ዕዳው በ2025 ከ64,000 ዶላር ሲበልጥና የመሰብሰብ እርምጃው ሩቅ ደረጃ ሲደርስ ነው፤ በስምምነት እየከፈለ ያለ ሰው ከዚያም ነፃ ነው። 9,000 ዶላር ያለበት ሰው ቦሌ ለመግባት የሚከለክለው የለም።

የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ ኤን-400 ግን ያለፈበት የታክስ ዕዳ አለብዎት ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አዎ» ከሆነ የስምምነቱን ደብዳቤና በሰዓቱ እየከፈሉ መሆኑን የሚያሳየውን ወረቀት ይዞ ቃለ መጠይቁ ላይ መቅረብ ነው። እዚህ ላይ ስምምነት ያለውና የሌለው ሰው በጣም ይለያያሉ።

ስምምነቱ የሚፈርሰው በምንድን ነው?

በአንድ ወር አለመክፈል ሊፈርስ ይችላል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለተኛው ምክንያት ነው፦ አዲስ ዕዳ። ስምምነቱ ውስጥ «ከዛሬ ጀምሮ የሚመጣውን ታክስ በሰዓቱ አስገባለሁ፣ በሰዓቱ እከፍላለሁ» የሚል ቃል አለ። በ2024 ዕዳ በየወሩ እየከፈሉ በ2025 ሌላ ዕዳ ይዘው ከመጡ የድሮው ስምምነት ይፈርሳል።

ገቢው የቆመ ሰው እዚህ ወጥመድ ውስጥ የሚገባው ሳያውቅ ነው። ከሆቴል ወይም ከፓርኪንግ ሥራው የተሰናበተ ሰው የሥራ አጥ ክፍያ ያገኛል፤ ያ ገንዘብ በፌዴራል ታክስ ይታሰብበታል፣ ግን ካልጠየቁ ምንም አይቀነስበትም። ቅጽ ደብሊው-4ቪ ሞልቶ ወይም በክፍለ ግዛቱ ድረ ገጽ ላይ መርጦ 10 በመቶ እንዲቀነስ ማድረግ ይቻላል። ሌላው ደግሞ ከሥራ ቦታ የጡረታ ቁጠባ፣ ከ401ኬ፣ ገንዘብ አውጥቶ መብላት ነው። 59 ዓመት ተኩል ያልሞላው ሰው በተለምዶ ከገቢ ግብሩ በላይ 10 በመቶ ተጨማሪ ይከፍላል። የአምናውን 9,000 ለመክፈል ከ401ኬ 12,000 ያወጣ ሰው በሚቀጥለው ሚያዝያ ሌላ ዕዳ ይጠብቀዋል።

ስምምነቱ አደጋ ላይ ሲወድቅ የሚመጣው ደብዳቤ «ሲፒ 523» ይባላል። ለማስተካከል 30 ቀን ይሰጣል። ሳይከፈት መሳቢያ የሚገባው ይህ ፖስታ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት የበለጠ ከባድ ናቸው፣ የወር ቅጣቱም ወደ አንድ በመቶ ሊያድግ ይችላል። በዚህ ወር አልችልም ብለው ካወቁ የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ደውለው ወይም ድረ ገጹ ላይ ገብተው መጠኑን ወይም ቀኑን ይለውጡ። አንዴ ከፈረሰ በስልክ ወይም በፖስታ ማስመለሻው 89 ዶላር ነው።

በመሐል የታክስ ተመላሽ ቢመጣልዎት አይ አር ኤስ ለዕዳው ይወስደዋል፤ የዚያ ወር ክፍያ ግን እንደተጠበቀ ይቆያል። የክፍለ ግዛት ታክስም በዚህ ውስጥ የለም። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ የየራሳቸው ዕዳ ሰብሳቢና የየራሳቸው የክፍያ ስምምነት አላቸው፤ ለየብቻ መጠየቅ አለበት።

ሾፌሩ ምን አደረገ?

እንበልና ይህን ሁሉ አውቆ ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 2025 ፋይል አደረገ። ድረ ገጹ ላይ ገብቶ በወር 125 ዶላር፣ በ28ኛው ቀን፣ ከባንክ በቀጥታ እንዲቆረጥ ተስማማ፤ 22 ዶላር ከፈለ። ከግንቦት እስከ መስከረም አምስት ጊዜ ተቆረጠበት፣ 625 ዶላር። ያንን ያወጣው ከኢንሹራንሱ ካገኘው ገንዘብ ከፍሎ ባስቀመጠው ነው። መስከረም ላይ ሌላ መኪና ይዞ ሥራ ጀመረ፤ ጥቅምት ላይ 10 ዶላር ከፍሎ የወሩን ክፍያ ወደ 280 አሳደገ። በዚህ ከሄደ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ ይቀረዋል።

ስምምነቱን የሚያፈርሰው አሁን የ2025 ታክስ ስለሆነ ሌላ የባንክ ሒሳብ ከፍቷል። የ2024ቱ ዕዳ ከትርፉ 20 በመቶ አካባቢ እንደነበር አስልቶ፣ በየሳምንቱ ከሚተርፈው ላይ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 20ውን እዚያ ያስገባል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሠራበት የሚከፈለው ጥር 15 ቀን 2026 ነው።